ቀስ ብሎ ሲገጥም፦ ሆስፒታል ለተኛ ጓደኛ አራት ስንኝ

ጓደኛችሁ የመርሳ ሰው ነው እንበል። በጓሮው ጥቂት የማንጎ ዛፎች አሉት። ሞተር ሳይክል ገጭቶት የጭን አጥንቱ ተሰብሮ ወልድያ ሆስፒታል ተኝቷል። ከመርሳ ወልድያ በሲሪንቃ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠያቂው ጠዋት ተሳፍሮ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። አንዱ ብርቱካን ይዟል፣ አንዷ አጥሚት በፔርሙስ አድርጋለች። እናንተ ግጥም ይዛችሁ ለመሄድ አስባችኋል። አራት ስንኝ ብቻ፣ ተስፋ ያለው፣ አልጋው አጠገብ ቆማችሁ በግማሽ ደቂቃ የምታነቡት።

ለሞተ ሰው የሚገጠም ብዙ አለን። ሙሾ አውራጇ ቃሉን ሳትፈልገው ከአፏ ይወጣል፤ ዜማውም ሥርዓቱም ከድሮ ጀምሮ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ለታመመ ሰው ግን እንዲህ ያለ የተዘጋጀ መንገድ የለም። ያለን ምርቃት ነው፤ «እግዜር ይማርህ»፣ «አላህ ያሽርህ»፣ ከዚያም «አሜን» ወይም «አሚን»። ስለዚህ ለበሽተኛ የሚገጥም ሰው በሁለት ነገሮች መካከል ይጓዛል፤ በአንድ በኩል የሁሉም የሆነ ምርቃት፣ በሌላ በኩል ፈጽሞ እንዲመስል የማይፈልገው ሙሾ አለ። በዚህ ምዕራፍ አንዱን ግጥም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሠራዋለን፤ የትኛው ቃል ለምን እንደተጣለ፣ የትኛው ለምን እንደቀረ እያየን።

ብዕር ከማንሳት በፊት አስታማሚውን ማናገር ይገባል። በሽተኛውን ሳይሆን አስታማሚውን። የሚጠየቀው ሐኪሙ ምን እንዳለ ነው፤ አጥንቱ በብረት ታሰረ ወይስ ክብደት ተንጠልጥሎለት በአልጋ ላይ ይጠብቃል? ስንት ጊዜ ይቆያል ተባለ? ሌላ የተጎዳ ነገር አለ? ይህን ሳያውቁ የሚጻፍ ግጥም ወይ በጣም ትልቅ ተስፋ ይሰጣል ወይ የማይመለከተውን ያወራል። የስኳር ሕመምተኛ ለሆነ ሰው ማርና ሙዝ እየጠራ የሚያጓጓ ስንኝ ሰምቻለሁ፤ ገጣሚው በቅን ልብ ነው የጻፈው፣ ግን አንድ ጥያቄ አልጠየቀም።

የጭን አጥንት በሰውነታችን ካሉት አጥንቶች ሁሉ ረጅሙና ጠንካራው ነው። ለአዋቂ ሰው ከተሰበረ ዳግም ሸክም እስኪችል ከ3 እስከ 6 ወር ይወስዳል። ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት፣ ከጉልበቱ በታች አጥንቱ ውስጥ በገባ ዘንግ ላይ ክብደት ይንጠለጠልና በጀርባው ተኝቶ ሳምንታት ይቆያል፤ 6 ሳምንትም ሊሆን ይችላል፣ 12ም። በነዚህ ሳምንታት ውስጥ ምንም ነገር የማይሠራ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሥራ ላይ ነው። መጀመሪያ የፈሰሰው ደም ይረጋል፤ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ በሁለቱ ስባሪዎች መካከል ለስላሳ ድልድይ ይሠራል፤ ከዚያ ያ ድልድይ ቀስ በቀስ ወደ አጥንትነት ይለወጣል። ድልድዩ መጀመሪያ በራጅ አይታይም፤ ኖራ የመሰለው ማዕድን ሲገባበት ነው እንደ ደመና ብልጭ የሚለው።

እንግዲህ «ነገ ትነሳለህ» የሚል ግጥም ለዚህ ሰው ውሸት ነው። እሱም ያውቀዋል። ተስፋ የሚሰጥ ግጥም የመጀመሪያ ሥራው ትክክለኛውን ቀን መቁጠር ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሽተኛው ሲሰማው «ይሄ ሰው ያለሁበትን ያውቃል» ሊል ይገባል። ታዲያ 5 ወር እንዴት ይቆጠራል? ሆስፒታል ውስጥ ቀን ቀንን ስለሚመስል በቀን መቁጠሪያ መቁጠር አይረዳውም። እሱ በሚያውቀው ሰዓት መቁጠር ነው የሚሻለው፤ ለመርሳ ሰው ያ ሰዓት ጓሮው ውስጥ ቆሟል።

ማንጎ ካበበ በኋላ ፍሬው እስኪበስል ከሦስት ወር ተኩል እስከ 5 ወር ያህል ይፈጃል፤ እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ይለያያል። ሁለቱ ጊዜዎች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ልብ በሉ። አበባ በታየ ሰሞን የተሰበረ ሰው፣ ፍሬው ሲቀላ ምናልባት በምርኩዝ ከዛፉ ሥር ሊቆም ይችላል። ይህ ምሳሌ ውብ በመሆኑ ብቻ አይደለም የምመርጠው፤ እውነት ስለሆነ ነው። ለሆድ ቀዶ ሕክምና ማንጎው አይሆንም፤ ከትርፍ አንጀት የዳነ ሰው ስፌቱ የሚፈታው ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ለእሱ «ሁለት ገበያ ሳያልፍ» ማለት ይበቃል፤ 5 ወር ብትሉት ያስደነግጠዋል። ለሳንባ ነቀርሳ ታካሚ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ 6 ወር ነው፤ ከክረምት መግቢያ እስከ አዝመራ ያለውን ጊዜ መቁጠር ትችላላችሁ።

አሁን ቤቱን እንምረጥ። በአማርኛ ግጥም ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚጠቀምበት ልክ የወል ቤት ይባላል፤ ወል ማለት የጋራ ነው፣ ለቀረርቶም ለዘፈንም ለሙሾም ስለሚያገለግል። እያንዳንዱ ስንኝ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፣ በአንዱ ሐረግ 6 ቀለም፣ በሌላውም 6። ከዚህ ያነሱ አሉ፤ ሰንጎ መገን 5 በ5 ነው፣ ቡሄ በሉ 4 በ4። ከዚህ የሚረዝመው ደግሞ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም «ጸጋዬ ቤት» የሚባለው 8 በ8 ነው። ለበሽተኛ የወል ቤትን የምመርጠው በአንድ ትንፋሽ ስለሚባል ነው። 16 ቀለም ያለው ስንኝ አንባቢውን ያስተነፍሰዋል፣ ሰሚውንም ያደክመዋል፤ 8 ቀለም ያለው ደግሞ የልጆች ጨዋታ ስለሚመስል ሥቃይ ላይ ላለ ሰው አይመጥንም።

ቀለም ሲቆጠር ፊደል አይቆጠርም፤ ድምፅ ነው የሚቆጠረው። መንግሥቱ ለማ እ.ኤ.አ. በ1963 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ አማርኛ ግጥም አሠራር ባሳተመው ጽሑፍ ላይ የስንኙን ልክ ከድምፁ ተነሥቶ መርምሮታል። ለኛ የሚበቃን ቀላል ዘዴ አለ፤ ቃሉን ቀስ ብላችሁ እየተናገራችሁ ጠረጴዛውን በጣት ምቱ። «ማንጎህ ፍሬ ያዘ» በሉ። ማን፣ ጎህ፣ ፍ፣ ሬ፣ ያ፣ ዘ፤ 6 ምት። በወረቀት ላይ ግን 8 ፊደል ነው። «ን» እና «ህ» ሳድስ ሆነው የራሳቸው ድምፅ ስለሌላቸው ከፊታቸው ባለው ፊደል ላይ ተለጥፈው ያልፋሉ። «ፍ»ም ሳድስ ናት፤ እሷ ግን ስለምትሰማ ትቆጠራለች። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሳድስን ሁሉ ይጥላል ወይም ሁሉንም ይቆጥራል። ጆሮ ካመኑት ግን አይሳሳትም።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ መጣ፦

ማንጎህ አበበልህ መርሳ ከጓሮህ ዳር፤
ፍሬው ሲጎመራ እንብላው ካንተ ጋር።
አብሽር ጓደኛዬ አጥንት ዛፍ ነው አሉ፤
ቀስ ብሎ ሲገጥም ይጠናል አካሉ።

ልኩ ትክክል ነው፤ ሁሉም ሐረግ 6 ይሞላል። ቤቱም ይመታል። «ዳር» እና «ጋር» በሳድስ ስለሚያልቁ የመጨረሻዋ «ር» ብቻዋን አትበቃም፤ ከፊቷ ያሉት «ዳ» እና «ጋ» ሁለቱም ራብዕ መሆናቸው ነው ጆሮውን የሚያረካው። «ዳር»ን ከ«ምድር» ጋር ብታገናኙት አይን ይቀበለዋል፣ ጆሮ ግን ይንሸራተታል። «አሉ» እና «አካሉ» ደግሞ በካዕብ ስለሚያልቁ «ሉ» ከ«ሉ» ጋር መግጠሟ ይበቃል። ብዙ ሰው ለበሽተኛ ሲጽፍ ሁሉንም ስንኝ በ«ይማርህ»፣ «ያሽርህ»፣ «ይርዳህ» ይጨርሳል። ቤት ይመታል፤ ግን አራት ጊዜ «ህ» ላይ ማረፍ ቤቱን የሚሠራው ቅጥያው እንጂ ቃሉ እንዳይሆን ያደርገዋል። ሰሚው ሦስተኛው ስንኝ ሳይነገር የሚመጣውን ያውቃል።

ረቂቁ ቤቱ ቢመታም ሁለት ቦታ ላይ ይታመማል።

የመጀመሪያው «አበበልህ» ነው። ለከተማ ሰው አበባ ደስታ ብቻ ነው። ለማንጎ ገበሬ ግን አበባ ገና ምንም ማለት አይደለም፤ በአንድ ዛፍ ላይ ከሚፈነዳው አበባ ፍሬ ሆኖ የሚደርሰው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የቀረው ይረግፋል። «ረገፈ» ደግሞ በአማርኛ ስለ ሰውም እንደምንል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያ የሚያይ የመርሳ ሰው «አበበልህ» ሲባል ቀጥሎ የሚያስበው ስለሚረግፈው ነው። ምሳሌውን የምትሰጡት ሰው ከእናንተ በላይ ነገሩን ያውቀዋልና እሱ እንደሚያየው አድርጋችሁ ማየት አለባችሁ።

አበባውን ትቼ ወደ ፍሬው ላልፍ ስል «ቋጠረልህ» የሚል ቃል መጣልኝ፤ «ማንጎህ ቋጠረልህ»፣ በልክም 6 ነው። ፍሬ ቋጠረ ማለት አበባው አልፎ ጥሬው ታየ ማለት ስለሆነ አደጋው የቀነሰ ነው። ግን ወዲያው ሌላው ትርጉሙ መጣ፤ ቁስልም መግል ይቋጥራል። ሆስፒታል ውስጥ ይህ ቃል የማይፈለግ ዜና ነው። ቃሉ ከፊቱ «ፍሬ» ካለ ይድናል፤ ለብቻው ግን አይሆንም። በመጨረሻ የቀረው በጣም ተራው ሆነ፦ «ማንጎህ ፍሬ ያዘ»። ያኔ ነው ያላሰብኩት ነገር የታየኝ። አጥንትም ሲድን «ያዘ» ነው የምንለው፤ «እግሩ ያዘለት»፣ «ስብራቱ ያዘ»። አንዱ ቃል ለዛፉም ለእግሩም ሠራ። «ፍሬ» ወደ መጀመሪያው ስንኝ ስለወጣ በሁለተኛው «ፍሬው» በ«ደርሶ» ተተካ።

ሁለተኛው ሕመም መጨረሻው ላይ ነው፦ «ይጠናል አካሉ»። ጠና ማለት ጠነከረ ማለት ነው፤ ስለ ልጅ «ጠና ያለ ልጅ» እንላለን። ግን ሕመምም ይጠናል። «በሽታው ጠናበት» ማለት ከነገ ወዲያ ላናገኘው እንችላለን ማለት ነው። አልጋ አጠገብ ቆሞ «ይጠናል» የሚል ሰው፣ አስታማሚዋ እናት ከሆነች፣ ፊቷ ሲለወጥ ያየዋል። ቃሉን ለመተካት ስፈልግ «ይጸናል» መጣ፤ ሕመም ይጸናል። «ይበረታል» መጣ፤ ሕመም ይበረታል። አማርኛ ጥንካሬን የሚገልጽበትን ቃል ሁሉ ለበሽታም ሰጥቶታል፤ ስለዚህ በዚህ ሰፈር ሳላቆም ማለፍ ነበረብኝ። እግር ግን ከበሽታ የሚለይበት አንድ ግብር አለው፤ ይቆማል። «ይቆማል በኃይሉ»፣ 6 ቀለም፤ ቤቱም «አሉ» ከ«ኃይሉ» ጋር ይገጥማል። ልብ ለታመመ ሰው «ይቆማል» አትሉም። ለእግር ግን ከዚህ የተሻለ ቃል የለም።

ይህን የቃል ምርመራ ያከረርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የአማርኛ አድማጭ ግጥም ሲሰማ ጆሮውን ለሁለት ትርጉም ያዘጋጃል፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ይፈልጋል። ገጣሚው ወርቅ ባያስቀምጥ እንኳ አድማጩ ቆፍሮ ያወጣል። በሠርግ ላይ ይህ ጨዋታ ነው። በሽተኛ ላይ ግን ያልታሰበ ወርቅ ያሳምማል። በጣም የሚያደናግረው «ማረ» የሚለው ግሥ ነው። «ይማርህ» ለበሽተኛ ነው፤ «ነፍስ ይማር» ለሟች ነው። አንድ ገጣሚ ልክ ለመሙላት «ነፍስህን ይማርልኝ» ብሎ ቢጽፍ ምን እንዳለ አስቡት። «አረፈ»ም እንደዚያው ነው። «አረፍ በል» ማለት ፍቅር ነው፤ «አሁን ዕረፍ» ማለት ግን ወደ ቀብር መልእክት ይጠጋል። «እንቅልፍ»፣ «መንገድ»፣ «ወደ ቤትህ ሂድ» የሚሉትንም ሳልመረምር አልጠቀምባቸውም። ረቂቁን ለሌላ ሰው አንብቡለት፤ ለገጣሚ ሳይሆን ለአንዲት በዕድሜ የገፋች ዘመድ። እሷ የሰማችው ሁለተኛ ትርጉም ካለ በሽተኛውም ይሰማዋል።

የተስተካከለው ግጥም ይኸው፦

ማንጎህ ፍሬ ያዘ መርሳ ከጓሮህ ዳር፤
ደርሶ ሲጎመራ እንብላው ካንተ ጋር።
አብሽር ጓደኛዬ አጥንት ዛፍ ነው አሉ፤
ቀስ ብሎ ሲገጥም ይቆማል በኃይሉ።

በዚህ ግጥም ውስጥ ሆን ብዬ ያስቀመጥኩት አንድ ወርቅ አለ፤ «ሲገጥም»። የተለያዩ ሁለት ነገሮች ሲጋጠሙ ገጠመ እንላለን፤ በርና መቃኑ፣ የአጥንቱ ሁለት ስባሪ። ግጥምም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግሥ ነው፤ ሐረግ ከሐረግ፣ ቤት ከቤት ስለሚጋጠም። ወጌሻም ገጣሚም በአማርኛ አንድ ሥራ ይሠራሉ። ጓደኛችሁ ቢያስተውለው ደስ ይለዋል፤ ባያስተውለው ሰሙ ብቻውን ይበቃዋል። ለበሽተኛ የሚቀመጥ ወርቅ እንዲህ ሊሆን ይገባል፤ ቢገኝ ስጦታ፣ ባይገኝ ጉዳት የሌለው።

«አጥንት ዛፍ ነው» የሚለውም ከጌጥነት የበለጠ እውነት አለበት። የተዳቀለ ማንጎ ያየ ሰው ያውቀዋል። ቅርንጫፏና የችግኟ ግንድ ከተቆረጡ በኋላ ተጋጥመው በላስቲክ ይታሰራሉ፤ በመካከላቸው አዲስ ለስላሳ ሥጋ ይበቅልና ሁለቱን ያገናኛል፤ ለዚህም ሳምንታት ይፈልጋል። በነዚያ ሳምንታት ቅርንጫፏ ከተነቃነቀች ሥጋው ይቀደዳል፣ እሷም ትደርቃለች። አጥንትም እንዲሁ ነው፤ ለስላሳው ድልድይ ገና ሳይጠነክር ብዙ ከተነቃነቀ አይገጥምም። ሐኪሙ «አትነቃነቅ» የሚለው ለዚህ ነው። ሰውየው ማንጎ አዳቅሎ የሚያውቅ ከሆነ፣ ያ ክብደት ለምን እግሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ከማንም በላይ ይገባዋል።

«አብሽር» የወሎ ቃል ነው ብል ማንም የሚከራከረኝ አይመስለኝም። ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ መልካም ዜና ይድረስህ፣ ደስ ይበልህ እንደማለት። ወሎ ውስጥ ግን የእስልምና ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ክርስቲያኑም ለወዳጁ ይለዋል። ወልድያ አካባቢ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ በሽተኞች አንዱ በማርያም፣ ሌላው በአላህ ሲመረቅ ይሰማል። ግጥማችሁን በአንድ አምላክ ስም ብትጀምሩት ስሕተት አይደለም፤ ጓደኛችሁ የሚጸልይበትን ስም ታውቃላችሁና። ግን ክፍሉ የጋራ ነው፣ ድምፅ ደግሞ አጥር የለውም። «አብሽር» የሚለው ለሁሉም አልጋ ይደርሳል። ለዚያም ነው በሽታውን በስሙ ያልጠራሁት። ስብራቱ ራሱ በጨርቅ ስር ሆኖ ይታያል፤ ሌላ ሰው ግን በአጠገቡ ያለው ሰው ምን እንደያዘው እንዲያውቅ አይፈልግ ይሆናል።

ጓደኛችሁ ሴት ከሆነች ግጥሙ እንዳለ አይሄድም። «ማንጎሽ»፣ «ጓሮሽ»፣ «ካንቺ» ልኩን አይነኩም። «አብሽሪ» ግን አንድ ቀለም ይጨምራል፤ «አብሽሪ ጓደኛዬ» 7 ሆኖ ሐረጉ ይፈሳል። መፍትሔው «አብሽሪ ወዳጄ» ማለት ነው፤ እንደገና 6 ይመጣል። አንቱ ለሚባል ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ሐረግ መቀየር ያስፈልጋል፤ «ማንጎዎ ፍሬ ያዘ» ስትሉ 7 ይሆናል፤ ስለዚህ ባለቤቱን ትታችሁ «ማንጎው ፍሬ ያዘ» ብትሉ ይሻላል። ለትልቅ ሰው «አብሽር» ማለትም አይገባም፤ «አብሽሩ ወዳጄ» ነው።

ግጥሙን መቼ ማንበብ? ቀዶ ሕክምና በተደረገበት ቀን አይደለም። ከሰመመን የነቃ ሰው የሚሰማውን አይይዝም፤ አንዳንዱም ይቃዣል። ጠዋት ሐኪሞች ዙር ሲያደርጉ አይደለም፤ ቁስል ሲታጠብም አይደለም። የሥቃይ ማስታገሻ ወስዶ ትንሽ ከቆየ በኋላ፣ ምግብ ከበላ በኋላ ጥሩ ነው። የሆድ ስፌት ላለው ሰው የሚያስቅ ግጥም አታንብቡ፤ ሲስቅ ስፌቱ ይስበዋል፤ ሆዱን በትራስ ይዞ የሚለምናችሁን ሰው ካያችሁ ለዘለዓለም አትረሱትም።

እንዴት ማንበብም ጥንቃቄ አለው። የወል ቤት ለሙሾም ስለሚያገለግል የስንኙን መጨረሻ ካንጓተታችሁት፣ «ዳ…ር» ካላችሁ፣ ያው ዜማ ይመጣል። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ እንደ ወሬ፣ በንግግር ድምፅ፣ ሐረጉ መካከል አንዴ ቆም ብላችሁ፣ መጨረሻው ላይ ሳትጎትቱ አንብቡ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን ተዉለት፤ በጀርባው የተኛ ሰው ከአይኑ በላይ አንሥቶ የሚያነበው ስለሆነ ፊደሉ ትልቅ ይሁን፣ እያንዳንዱ ስንኝ በአንድ መስመር ይግባ። በሌሊት አስታማሚው እንደገና ያነብለት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ የምፈራው ነገር አለ። አጥንት ሁልጊዜ አይገጥምም። ወራት አልፈው አሁንም የተሰበረው ቦታ ከተንቀሳቀሰ ወይም ሲረግጡት እንደ መጀመሪያው የሚያም ከሆነ፣ ራጁም ድልድይ ካላሳየ፣ ሐኪሞች ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። አንዳንዴም እግሩ ራሱ ይቆረጣል። በዚያን ጊዜ «ይቆማል በኃይሉ» የሚለውን ስንኝ ይዞ መሄድ ጭካኔ ነው። ከታመመ ሰው ጋር የምንገባው ቃል በእጃችን ካለው ነገር መብለጥ የለበትም፤ የአጥንቱ መግጠም በእጃችን የለም። በእጃችን ያለው መምጣታችን ነው። ለዚህ ሰው ማንጎውን ትቼ ሁለት ስንኝ ብቻ እጽፍ ነበር፤ የምችለውን ብቻ የሚሉ።

ነገም እዚሁ ነኝ ካልጋው ራስጌ በኩል፤
ሌቱን እንካፈለው ከኔ ጋራ እኩል።

ይህን ያነበበ ሰው በማግስቱ ከመርሳ የመጀመሪያው መኪና ላይ መሳፈር አለበት። ፎጣና ጋቢ ይዞ፣ ለአስታማሚዋ ዳቦ ይዞ፣ «ዛሬ እናንተ ሂዱና ተኙ፣ ሌቱን እኔ አድራለሁ» ብሎ ወንበሩን ወደ ራስጌው ይሳብ።